ሪቴንሽን የማን ብር ነው?

«ቫሪዬሽን እያሉ የሚያለቃቅሱ ተቋራጮች ዋስትናቸውም ሪቴንሽናቸውም በእጃችን እንዳለ አይርሱ።»

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር አንድ ኃላፊ በስብሰባ ላይ ይህን ሲሉ ሰው ሳቀ። ቫሪዬሽን ያሉት በውሉ ከታሰበው በላይ ለተሠራ ሥራ የሚጠየቀውን ክፍያ ነው። እኔን ግን አላሳቀኝም።

የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና የሚያዘው ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ቢጠፋ አሠሪው እንዳይከስር ነው። የሠራሁበትን ክፈሉኝ ያለን ሰው ዝም ማሰኛ አይደለም። ሪቴንሽን ደግሞ ተሠርቶ፣ ተለክቶ፣ ከጸደቀ ክፍያ ላይ የተቆረጠ የተቋራጩ የራሱ ብር ነው። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ማስተካከያ እንዲሆን ይቆያል። ከዚያ ያለፈ ሥራ የለውም።

አዘዞ የሠራሁበትን አንድ ሳይት ልንገራችሁ። ውሉ 20 ሚሊዮን ብር ነው። ዋስትናው 10 በመቶ፣ ሪቴንሽኑ 5 በመቶ። ፕላኑ መሠረቱን 1.5 ሜትር ቆፍሩ ይላል። ቆፈርን። አካፋ ላይ እንደ ሊጥ የሚጣበቀው ጥቁር አፈር አላለቀም። የአማካሪው መሐንዲስ መጣና ፌሮ ወጋበት፤ ፌሮው ሰተት ብሎ ገባ። «ጠንካራው እስኪገኝ ውረዱ፣ ወረቀቱ ይደርሳል» አለን። 3 ሜትር ወረድን። በ400 ካሬ ላይ 600 ሜትር ኩብ ትርፍ ቁፋሮ ማለት ነው። ያንኑ ያህል ሰሌክት ማቴሪያል የሚባለውን የተመረጠ የሙሌት አፈር አምጥተን በየንብርብሩ ጠቀጠቅን። ክፍያ ስንጠይቅ «የጽሑፍ ትዕዛዝ የለም» ተባልን። አሁን ሕንፃ ቆሞበታል፤ ማን ገብቶ ይለካዋል?

«ሲጫረት ሳይቱን አይቶ የለ?» የሚሉ አሉ። አይቷል፤ ሣሩን። የአፈር ምርመራውን ያስጠናው አሠሪው ነው። ውሉም ቢሆን በተለካው ልክ የሚከፈልበት እንጂ የቁርጥ ዋጋ አይደለም።

ጉዱ የሚመጣው ርክክብ ላይ ነው። የሪቴንሽኑ ግማሽ፣ 500 ሺህ ብር፣ የሚለቀቀው ጊዜያዊ ርክክብ ሲፈረም ነው። የሚፈርመው ማነው? ያው የቁፋሮውን አልከፍልም ያለው አሠሪ። «ጥያቄህን ተው፣ እንፈርማለን» ይባላል፣ በቃል። ተቋራጩ እምቢ ካለ ርክክቡ ይጓተታል። ርክክቡ ሲጓተት የዋስትናው ቀን ያልፍና ይታደሳል፤ ባንኩ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፣ በመያዣ የታገደው ብርም እንደታገደ ይቀራል። ሁለተኛው 500 ሺህ የሚለቀቀው ብልሽት የሚታይበት አንድ ዓመት ሲያልቅ ነው፤ ዓመቱ የሚቆጠረው ከጊዜያዊ ርክክቡ ስለሆነ እሱም አብሮ ይርቃል። ኃላፊው «በእጃችን ነው» ያሉት ይህንን ነው። በእኔ ቋንቋ ይህ ማገት ነው።

በርካሽ ዋጋ ገብተው በቫሪዬሽን ሊካሱ የሚያደቡ ተቋራጮች የሉም አልልም። እነሱን የሚይዛቸው ሜትር ነው። ጉድጓዱ ሳይሞላ ሁለቱም ወገን አብረው ይለኩ፣ በሳይት ቡክ ላይ ይፈርሙ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

እኛም ያን ቀን ሳናስፈርም መሙላታችን ስህተት ነበር። መሐንዲሱን አሁንም ፒያሳ ቡና ስጠጣ አገኘዋለሁ። ወረቀቱን ስጠይቀው «ይደርሳል» ይለኛል።