«በአፍ ተነጋግረናል» ይብቃን

ወገኖቼ፣ ባለሱቆች፣ ባለዳቦ ቤቶች፣ ባለጋራዦች! ዕቃ ተበላሽቶ ሲመጣብን ስልክ አንስተን እንጮኻለን። ከዚያ «በአፍ ተነጋግረናል» ብለን እንቀመጣለን። በወሩ ሻጩ «ማን ነገረኝ?» ሲል እጃችን ላይ ምንም የለም። ይህን ልማድ እንተው። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ሪፖርት ነው። ክፍሎቹም አራት ናቸው፦ ማጠቃለያ፣ ዝርዝር፣ የተወሰደ እርምጃ፣ አባሪ።

እኔ ዳቦ ቤት ሳለሁ የደረሰብኝን ስሙ። ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለ 50 ኪሎ 20 ከረጢት ዱቄት መጣልኝ። ሦስቱ ረጥበው ነበር። ተናድጄ «የተበላሸ ዱቄት ልካችሁ አከሰራችሁኝ» ብዬ ጻፍኩ። ሻጩ «መጋዘንህ አፍስሶ ነው» አለ። መልስ አልነበረኝም፤ ከረጢቶቹንም በዚያው ቀን አስጥያቸዋለሁ። 14,400 ብር ቀለጠ።

ዝርዝሩ ላይ ያያችሁትን ጻፉ፤ ስድብና ጥርጣሬ አይግባበት። እንዲህ ብል ኖሮ፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ20 ላይ ከመኪናው ሲወርድ 3 ከረጢት ከሥሩ ረጥቦ፣ ዱቄቱ ጓጉሎ ተገኘ። ሾፌሩም አይቷል (አባሪ 1)።» ከመኪናው ሲወርድ የሚለው ቃል ብቻ የመጋዘኑን ወሬ ይዘጋው ነበር።

«አስፈላጊው እርምጃ ተወስዷል» የምትሉትንም ተዉት። ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ? «ከረጢቶቹን ለይቼ አስቀመጥኩ። 3 ሰዓት ከ40 ላይ ለሻጩ ደወልኩ። እስከ ኅዳር 15 እተካለሁ አለኝ።» ይኸው ነው።

አባሪ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በቀንና በሰዓት ነው። ሪፖርቱ በእኛ አቆጣጠር ይጻፋል፤ የስልካችን ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ 21/11/2024፣ 9:20 ነው የሚለው። ለማያስተውል ሰው ሁለት የተለያየ ቀን ይመስላል። ስለዚህ ከፎቶው ሥር «ኅዳር 12 ቀን 2017፣ ከጠዋቱ 3፡20» ብላችሁ ጻፉ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ደግሞ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል። በዚያው ሳምንት ፎቶ ኮፒ አንሱት፤ ዋናውንም አትጣሉ።

ማጠቃለያው ከላይ ይቀመጣል እንጂ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ምን ሆነ፣ ስንት ብር ነው፣ ምን እንፈልጋለን፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «እንፈልጋለን» የሚለውን አትርሱ። ስንቱ ሪፖርት አልቅሶ አልቅሶ ዕቃው ይተካ ወይስ ገንዘቡ ይመለስ ሳይል ያልቃል!

ሁለት ኮፒ አድርጉት። በእናንተ ኮፒ ላይ ሻጩ «ተቀብያለሁ» ብሎ ከነቀኑ ይፈርም። አልፈርምም ካለም አትጨቃጨቁ። እምቢ ማለቱን እዚያው ጻፉና አብሯችሁ የነበረው ሰው በምስክርነት ይፈርምበት።