«ማሽኑ ጨርሶታል፣ አንቺ ነጠላ ሰረዝ አስተካክዪ» ተባልኩ

ገና ከታክሲ ወርጄ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ቱሉ ዲምቱ መብራት የለም፣ የስልኬ ባትሪም እያለቀ ነው። ግን ይህን ሳልናገር አልተኛም።

ሥራዬ ማሽን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የገለበጠውን ቃለ መጠይቅ ማረም ነው፣ አሁን የያዝኩት ስለ ከብት አርቢዎች የሚደረግ ጥናት ነው። ዛሬ ቢሮ አለቃዬ ሰው ሁሉ እየሰማ «52 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ለማረም አራት ሰዓት ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ላስረዳው አፌን ስከፍት «እህቴ፣ ማሽኑ እኮ 95 በመቶ ልክ ነው። አንቺ ነጠላ ሰረዝ ማስተካከል ነው የቀረሽ» ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። እጄን እንዳነሳሁ ቀረሁ።

95 በመቶ! እሺ እናስላው። በ52 ደቂቃ ውስጥ አምስት ሺህ ቃል ያህል ይነገራል። አምስት በመቶው 250 የተሳሳተ ቃል ነው። ደግሞ እንደ ጤፍ ዘር በእኩል የተበተነ አይደለም፣ አንድ ቦታ ነው የሚከመረው። ሦስት ገጽ ንጹሕ ሆኖ ይሄድና ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር፣ ወይም ጠያቂዋና ቃለ መጠይቁን የሰጡት ከብት አርቢ እናት እኩል ሲያወሩ፣ ሁሉም ይበላሻል። እኔ የምከፈለው ያንን ቦታ ስለማውቅ ነው።

የሚያስፈራው ደግሞ በዓይን የሚታየው ስህተት አይደለም። ማሽኑ «ፉርሽኮ»ን ሁሌ «ፉርሽ ኮ» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። ይህን ማንም ያየዋል፣ አንዴ ፈልጌ በሙሉ እተካዋለሁ፣ አለቀ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ለስላሳ ሆኖ የሚነበበው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ቁጥሮች ነው። እናትየው ለፉርሽኮ በወር «ሰባት ሺ» ነው ያሉት። በፍጥነት ሲነገር የ«ሰባት» ት በ«ሺ» ትዋጣለች፣ ማሽኑም 70,000 ብሎ ጻፈ። አረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድለውም! ያወቅሁት ቀጥለው ከወተት በወር ሃያ ሺ እንደሚያገኙ ስለተናገሩ ነው። ሃያ የሚያስገባ ሰው ለመኖ ሰባ አያወጣም። ድምፁን መልሼ ሰማሁት፣ ሰባት። ስድስትና ስድሳ፣ ዘጠኝና ዘጠናም እንዲሁ ናቸው።

ከቁጥር ቀጥሎ አሉታው ነው። «ዘንድሮ ጥጃ ሸጠዋል?» ተባሉ። ጠያቂዋ ሳትጨርስ «ኧረ አልሸጥኩም» አሉ። መጀመሪያዋ አል በጠያቂዋ ድምፅ ተዋጠች፣ መጨረሻዋ ም ደግሞ በትንፋሽ ጠፋች። ጽሑፉ ላይ «ኧረ ሸጥኩ» ሆነ። ቀጥሎ ያለው ቃላቸው «በዚህ ዋጋ ማን ይገዛኛል» ነው። ስለዚህ አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ባየሁ ቁጥር ተከታዩን አረፍተ ነገር አነባለሁ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ አዳምጣለሁ። ያቺ ም ናት እንግዲህ ነጠላ ሰረዝ የተባለችው!

ያ መቶኛ እኮ «ላሟ»ን «ላም» ብሎ መጻፍንም ሰባቱን ሰባ ማድረግንም እኩል አንድ ስህተት ብሎ ነው የሚቆጥረው። ባለፈው ወርም ይህንኑ ለማስረዳት ሞክሬ «ሪፖርቱን አታዘግዪ» ነበር መልሱ። ደሞዜን ሁለት ሳምንት ያዘገዩት እነሱ፣ ዘገየሽ የሚሉት እኔን።

ሌላው ሰዓቱ ነው፣ በጽሑፉ ግራ በኩል እያንዳንዱ ንግግር ቅጂው ላይ የት እንዳለ የሚያሳየው። ሳላዳምጥ በፊት እሱን ብቻ አያለሁ። 30 ሰከንድ ውስጥ ስድስት ቃል ብቻ ካለ ወይ ዝምታ ነው ወይ ማሽኑ የዘለለው ንግግር አለ። ዝናቡ ላይ ስለ ላማቸው ሕመም የተናገሩት በሙሉ እንዲህ ነው የጠፋው። በተቃራኒው እናትየው ላሟን ሊያስሩ ወጥተው ማንም ባልተናገረበት 40 ሰከንድ ውስጥ «እናመሰግናለን» አምስት ጊዜ ተደርድሯል። ዝምታ ሲረዝምበት ከራሱ ያመጣል። ማንም ያላለውን ቃል በአንዲት እናት አፍ ማስገባት ቀላል ነገር ነው?

እንዲህ መርጬ ባየሁት እንኳ እንደ ጥቅስ የሚወጣ ነገር ካለ ያንን ክፍል ቃል በቃል ማዳመጥ ግዴታዬ ነው፣ አቋራጭ የለውም። አራቱ ሰዓት የሄደው እዚያ ነው። ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር እያቆምኩ ብሰማ ኖሮ ቀኑም አይበቃኝም ነበር።

አሁን የሰማሁት ደግሞ ያልታረመው ፋይል ለትንተና ተልኳል። ሰባ ሺው እንዳለ። ደክሞኛል በእውነት። ነገ ጠዋት 00:31:12 ላይ ከፍቼ በጆሮው አሰማዋለሁ። ኮምፒውተሬን ቻርጅ የማደርግበት መብራት ከመጣ።