ሂፕሶርትን ዋና መደርደሪያ አታድርጉት

«ቁጥሮችን የሚደረድረው አልጎሪዝም ሂፕሶርት ተጨማሪ ሜሞሪ አይፈልግም፤ ለ n ቁጥሮች የሚወስደው ጊዜ በከፋው ሁኔታም ከ n log n ደረጃ አያልፍም። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ እሱን አንጠቀምም?»

መልሱ አልጎሪዝሙ ደጋግሞ በሚሠራት አንዲት እርምጃ ውስጥ ነው። ጄ. ደብሊው. ጄ. ዊሊያምስ በ1964 እ.ኤ.አ. ሂፕሶርትን ሲያስተዋውቅ ሂፑን፣ ማለትም ቁጥሮች ወላጅና ልጅ ሆነው የሚያያዙበትን ዛፍ፣ ያስቀመጠው በተራ አሬይ ውስጥ ነው። ኢንዴክሱ i የሆነ ወላጅ ልጆቹ 2i+1 እና 2i+2 ላይ ይገኛሉ፤ ወላጅ ከልጆቹ ፈጽሞ አያንስም። ስለዚህ ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ ኢንዴክስ 0 ላይ ነው። እሱን ከመጨረሻው ቁጥር ጋር እናቀያይራለን፣ ሂፑን በአንድ እናሳጥራለን፣ ከዚያም ሳይገባው አናት ላይ የወጣውን ቁጥር ወደ ቦታው እናወርዳለን። ይህ ማውረድ ሲፍት ዳውን ይባላል። ሂፑ መጀመሪያ ሲገነባም የሚሠራው ይኸው ነው፤ ከ n/2-1 ተነስቶ ወደ 0 እየተመለሰ እያንዳንዱን ወላጅ ያወርዳል።

```c
void sift_down(int a[], int i, int n) {
    int x = a[i];
    while (2*i + 1 < n) {
        int c = 2*i + 1;
        if (c + 1 < n && a[c+1] > a[c]) c++;
        if (x >= a[c]) break;
        a[i] = a[c];
        i = c;
    }
    a[i] = x;
}
```

እዚህ በየደረጃው ሁለት ንጽጽር አለ፦ አንዱ ከሁለቱ ልጆች ትልቁን ለመምረጥ፣ ሌላው x እዚያው ይቁም ወይስ ይውረድ ለማለት። x በእጅ ተይዞ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ መጻፉ በየደረጃው ከማቀያየር ያድናል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ግን `c + 1 < n` የሚለውን ማጣሪያ ነው። የሂፑ መጠን ተጋማሽ ሲሆን የመጨረሻው ወላጅ ግራ ልጅ እንጂ ቀኝ ልጅ የለውም። ማጣሪያው ከሌለ ኮዱ ከሂፑ ውጭ ያለውን፣ አስቀድሞ የተደረደረውን ቁጥር እንደ ቀኝ ልጅ ያነባል። ያ ቁጥር ደግሞ በሂፑ ውስጥ ካሉት ሁሉ አያንስም፤ ስለዚህ ተመርጦ ወደ ሂፑ ተመልሶ ይገባል፣ ውጤቱም ይበላሻል።

አሁን እኩል ቁልፍ፣ ማለትም እኩል የሚነጻጸር ዋጋ፣ ያላቸው መዝገቦች ምን እንደሚደርስባቸው እንይ። አሬያችን 2ሀ፣ 2ለ፣ 1 ይሁን፤ ፊደሎቹ መዝገቦቹን ለመለየት ብቻ ናቸው፣ በንጽጽሩ አይገቡም። ይህ ገና ከመነሻው ትክክለኛ ሂፕ ነው። 2ሀ ከ1 ጋር ተቀያይሮ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። 1 ሲወርድ 2ለ ወደ አናት ይወጣል፤ ቀጥሎም ተራው ደርሶ ከ2ሀ በፊት ይቀመጣል። ውጤቱ 1፣ 2ለ፣ 2ሀ ነው። ቁጥሮቹ በትክክል ተደርድረዋል፣ የሁለቱ እኩያዎች ቅደም ተከተል ግን ተገልብጧል። መዝገቦቹ ቀደም ሲል በስም ተደርድረው ከነበረ አሁን በነጥብ ስንደረድራቸው የስሙ ቅደም ተከተል ጠፋ ማለት ነው።

አንዳንዶች `>=` የሚለውን `>` በማድረግ ወይም ውጤቱን በመገልበጥ የሚስተካከል ይመስላቸዋል። አይስተካከልም። ሦስቱም እኩል ሆነው 2ሀ፣ 2ለ፣ 2ሐ ቢሆኑ ከላይ ያለው ኮድ የሚሰጠን 2ለ፣ 2ሐ፣ 2ሀ ነው፤ የመጀመሪያው ቅደም ተከተልም አይደለም፣ ግልባጩም አይደለም። ሂፕ የሚያውቀው ወላጅ ከልጁ እንደማያንስ ብቻ ነው፤ ከእኩያዎች ማን ቀድሞ እንደመጣ የትም አልመዘገበም። የመጨረሻውን ቁጥር በአንድ ዝላይ ወደ አናት ማምጣቱ ደግሞ በመሃል ያሉትን እኩያዎቹን ሁሉ ያስዘልለዋል። አስተማማኙ መፍትሔ የእያንዳንዱን መዝገብ የመነሻ ኢንዴክስ አብሮ ይዞ እኩል ሲሆኑ በእሱ መለየት ነው። ለአንድ ሚሊዮን መዝገብ፣ ኢንዴክሱ 4 ባይት ከሆነ፣ ይህ 4 ሜጋባይት ተጨማሪ ሜሞሪ ነው። ያን ያህል መክፈል ከተቻለ የእኩያዎችን ቅደም ተከተል የሚጠብቀውን መርጅ ሶርትን መጠቀም ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

የካሹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው ትንሽና ፈጣን ሜሞሪ፣ ጉዳይ ከዚህም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ ትክክል ስለሚሆን ማንም ልብ አይለውም። ፕሮሰሰር ከሜሞሪ አንድ ቁጥር ብቻ አያመጣም። በአብዛኞቹ ማሽኖች 64 ባይት አብሮ ይመጣል፤ ባለ 4 ባይት ቁጥር ከሆነ 16 ጎረቤታሞች ማለት ነው። አሬዩን ደጋግሞ ለሁለት እየከፈለ የሚደረድረው ኩዊክሶርት ከዳር ተከትሎ ስለሚያነብ 16ቱንም ይጠቀምባቸዋል። ሲፍት ዳውን ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ኢንዴክሱን እጥፍ ያደርገዋል። የአንድ ሚሊዮን ቁጥር ሂፕ 20 ደረጃ አለው። የላይኞቹ አራት ደረጃዎች በአንድ የ64 ባይት ክፍል ውስጥ ይጠቃለላሉ፤ ከዚያ በታች ግን እያንዳንዱ ደረጃ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው። ኢንዴክስ 400,000 ላይ ያለ ወላጅ ልጁ 800,001 ላይ ነው፤ በመካከላቸው 1.6 ሜጋባይት አለ። ከመጡት 16 ቁጥሮች የሚነበቡት ሁለቱ ልጆች ብቻ ናቸው።

«መንገዱ ቶሎ ይቋረጥ ይሆናል» የሚል ተስፋም አይሠራም። ወደ አናት የሚመጣው ቁጥር የተወሰደው ከሂፑ ግርጌ ነው፤ ትንሽ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ግርጌ ድረስ ይመለሳል። 32 ኪሎባይት የሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ካሽ የሚይዘው የላይኞቹን 13 ደረጃዎች ነው። የቀሩት ሰባቱ ከሩቅ ካሽ፣ አሬዩ ከካሾቹ ሁሉ ከበለጠ ደግሞ ከዋናው ሜሞሪ ይመጣሉ። ፕሮሰሰሩ አስቀድሞ እንዳያመጣቸውም ቀጣዩ አድራሻ የሚታወቀው የአሁኖቹ ሁለት ልጆች ከተነጻጸሩ በኋላ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ንባብ ያለፈው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ይህን በራሳችሁ ማሽን ማየት ቀላል ነው። የዘፈቀደ ቁጥሮችን ከአንድ ሺህ ጀምሮ በየጊዜው በአሥር እያበዛችሁ ደርድሩ፤ የወሰደውን ጊዜ ለ n log n አካፍሉት። ሜሞሪን ማንበብ ጊዜ ባይወስድ ኖሮ ውጤቱ ብዙም ባልተለወጠ ነበር። ከካሹ መጠን በኋላ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ምክንያቱን ሊኑክስ ላይ በዚህ አረጋግጡ፦

```
perf stat -e cache-references,cache-misses ./sort
```

ለእያንዳንዱ ወላጅ አራት ልጅ መስጠት ጉዳቱን ይቀንሰዋል። 20 የነበረው ደረጃ ወደ 11 ይወርዳል፤ በየደረጃው የሚደረገው ንጽጽር ከሁለት ወደ አራት ስለሚያድግ ጠቅላላው ንጽጽር ብዙም አይለወጥም፣ የሚጎበኙት የሜሞሪ ክፍሎች ግን በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ። የእኩያዎችን ቅደም ተከተል ግን አይመልስም።

ታዲያ ቦታው የት ነው? ዴቪድ ሙሰር በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኢንትሮሶርት ትክክለኛውን ሚና የሰጠው ይመስለኛል፦ ሥራውን ኩዊክሶርት ይጀምረዋል፤ ክፍፍሉ ከመጠን በላይ ሲጠልቅ ብቻ ሂፕሶርት ይረከበዋል። የሊኑክስ ከርነል `lib/sort.c` ውስጥ ሂፕሶርትን የሚጠቀመውም ተጨማሪ ሜሞሪም ሆነ በክፉ ዳታ መንቀርፈፍን ስለማይፈልግ ነው።

ሌላው ጥሩ ቦታው ሁሉን መደርደር በማያስፈልግበት ሥራ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ቁጥር አሥሩን ትልልቆች ከፈለጋችሁ፣ ትንሹ ከላይ የሚሆንበት የአሥር ቁጥር ሂፕ ያዙ። አሬዩን በተርታ እያነበባችሁ ከአናቱ የሚበልጥ ሲመጣ ብቻ ተኩት፣ ከዚያም አውርዱት። አሥሩ ቁጥሮች 40 ባይት ናቸው፤ ከካሹ ክፍል መጀመሪያ ላይ ከተቀመጡ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ ይገባሉ።