ማስተካከያ፦ ከወርሃዊው ሪፖርት የጎደሉ ቁጥሮች

«ባለፈው፣ ሱቆቼን የሚያከራይልኝ ወኪል በየወሩ በሚልክልኝ ሪፖርት ላይ የተሰበሰበ ኪራይ፣ ወጪና ቀሪ ይበቃል ብለሃል። ታዲያ ያልከፈለውን ተከራይ ከዋሽንግተን ሆኜ በምን ልወቅ?»

ልክ ነሽ እህቴ፤ አይበቃም። ስህተቱ የኔ ነው። መሰብሰብ የሚገባው ኪራይ፣ ውዝፍ፣ ቅድሚያ ክፍያና መነሻ ቀሪ ሒሳብ ከሌሉበት ሪፖርቱ ጎዶሎ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ 6 ሱቅ አለሽ እንበል፤ እያንዳንዱ በወር 15,000 ብር። መሰብሰብ ያለበት 90,000 ነው። ወኪልሽ «90,000 ሰበሰብኩ» ይልሻል። ሁሉም የከፈለ ይመስላል። ግን አራቱ የወሩን 60,000 ከፍለው፣ ከነሱ አንዱ የሁለት ወር ቅድሚያ 30,000 ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ሱቆች አልከፈሉም! ስለዚህ ከየሱቁ ቁጥር ጎን የተከፈለው ብርና የተከፈለለት ወር ይጻፍ። ውዝፉም ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሆነ።

ከዚያ ሒሳቡን ግጠሚው። ካለፈው ወር የዞረ 12,000፣ ሲደመር 90,000፣ ሲቀነስ የዘበኛ ደመወዝ 8,000 እና የውሃ ፓምፕ ጥገና 12,000። ቀሪው 82,000 ነው። የወሩ መጨረሻ የባንክ መግለጫም ይህንኑ ማሳየት አለበት። ካነሰ፣ በወኪሉ እጅ ያለ ጥሬ ገንዘብ ለብቻው ይመዝገብ። ከ82,000ው ውስጥ 30,000ው የመጪዎቹ ወራት ኪራይ ስለሆነ፣ ትርፍ ብለሽ እንዳታወጪው።