አውራ ጣት ንቀት አይደለም፣ አራት ነጥብም ቁጣ አይደለም

ዛሬ ሳልናገር አላድርም። የመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ሰው እያጣላ ነው። የሚያጣላን ደግሞ ሥራው አይደለም። አንድ ነጥብ፣ አንድ አውራ ጣት፣ አንድ የሦስት ደቂቃ ቮይስ ነው።

የምንሠራው የጽሕፈት መሣሪያ በሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ግሩፑ ውስጥ ጡረታ የተቃረቡ ጋሼዎች አሉ። ትምህርታቸውን ጨርሰው ገና ሥራ የጀመሩ ልጆችም አሉ። እኔ በዕድሜ መሀል ላይ ስለሆንኩ የሁለቱም ስሞታ ወደ እኔ ይመጣል። ጠዋት "ይቺ ልጅ ናቀችኝ" ይሉኛል። ከሰዓት "ጋሼ ምን አድርጌያቸው ነው የተቆጡኝ?" እባላለሁ። ሁለቱም ስልካቸውን አውጥተው ያሳዩኛል። አነበዋለሁ። ንቀትም የለበትም፣ ቁጣም የለበትም።

የሂሳብ ክፍሉ ጋሼ "እሺ።" ብለው ይመልሳሉ። አራት ነጥብ ሳያስቀምጡ መጨረስ አይሆንላቸውም፤ እንደዚያ ነው የተማሩት። አራት ነጥቡ ስልካቸው ላይ ሲጠፋባቸው እንኳ "::" ብለው ሁለት ሁለቱን ደርድረው ይሠሩታል። ልጆቹ ግን ሐሳባቸው ሲያልቅ የሚጫኑት መላኪያውን ነው። ከተላከ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ነጥብ ሲያዩ "ይህ ለምን መጣ?" ብለው ይጠይቃሉ። መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ፤ ተቆጥተውብኛል።

ይህ የእኛ ቢሮ ልጆች ሆደ ባሻነት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ጥናት ነበር። ተማሪዎቹ በነጥብ ያለቀ አጭር የስልክ መልስ ከልብ የመነጨ አልመስል ብሏቸዋል። ያው መልስ በእጅ ተጽፎ ሲቀርብ ግን ነጥቡ ምንም ለውጥ አላመጣም። ነጥቡን የሚያከብደው ስልኩ ነው ማለት ነው።

ከነጥቡ የባሰው ደግሞ "…" ነው። ጋሼ "ሪፖርቱ ደርሶኛል… ነገ እናየዋለን…" ብለው ይጽፋሉ። እሳቸው ትንፋሽ መውሰዳቸው ነው። የተላከላት ልጅ ግን ያልተነገረኝ ነገር አለ ብላ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። በማግስቱ ጋሼ ሪፖርቱን አይተው አመሰገኗት። ያ ሁሉ ጭንቀት ግን በከንቱ ነበር፤ ይህ ያናድደኛል።

አሁን ወደ አውራ ጣቱ ልምጣ። ለልጆቹ 👍 ማለት "አይቼዋለሁ" ነው፤ ለትልልቆቹ ግን ሁለት መልክ አለው። አንዳንዶቹ "እኔ ይህን ሁሉ ተናግሬ በጣት ትመልስልኛለች?" ብለው ይከፋቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ "ተስማምታለች፣ ትሠራዋለች" ብለው ይተኛሉ። ሁለተኛውን የዋህነት ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ካናዳ ሳስካችዋን ውስጥ በ2023 እ.ኤ.አ. የተሰጠውን ፍርድ አስታውሱ። ገዢው የተልባ ውል በስልክ ልኮ እንዲያረጋግጥለት ሲጠይቅ ገበሬው 👍 ብሎ መለሰ። ተልባውን ሳያቀርብ ሲቀር ተከሰሰ። "ውሉ ደርሶኛል ማለቴ እንጂ ተስማምቻለሁ ማለቴ አይደለም" ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን አውራ ጣቱን እንደ ፊርማ ቆጥሮ ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። የእኛም ቢሮ ጠብ ያው ነው፦ "ደርሶኛል" ወይስ "ተስማምቻለሁ"?

ነሐሴ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ትምህርት ሊጀመር ሲል ደብተር የሚፈለግበት ወቅት ነው። አንድ ትምህርት ቤት 200 ካርቶን አዝዞ ነበር። ኋላ ወደ 120 ቀነሰው። የቀረው 80 ካርቶን ሐዋሳ ላለ ሌላ ደንበኛ እንዲሄድ ተወሰነ። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ይህን ለጭነት አስተባባሪዋ ልጅ በቮይስ ላኩላት። ሦስት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ሰላምታ አለ። ከዚያ ያመማቸውን እናቷን ይጠይቃሉ። ዝናቡን ያነሳሉ። 120 የሚለው ቁጥር የመጣው ከሁለት ደቂቃ በኋላ ነው።

ልጅቷ ታክሲ ውስጥ ናት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰላምታውን ሰማች፣ ስለ እናቷ ሲጠይቁ ሰማች፣ መውረጃዋ ደረሰ። "ደርሶኛል፣ ቀሪውን ቢሮ ገብቼ እሰማለሁ" ለማለት 👍 ነካች። ቢሮ ስትገባ ሌላ ሥራ ጠበቃት። ጋሼ አውራ ጣቱን አይተው ነገሩ አለቀ ብለው ተረጋጉ። መኪናው 200 ካርቶን ጭኖ ሄደ። ትምህርት ቤቱ 120 ተረክቦ 80ውን መለሰ። ሁለት ጊዜ የመኪና ኪራይ ተከፈለ፣ የሐዋሳው ደንበኛ ከሌላ ገዛ።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማጣራት ሲሞከር ደግሞ መከራ ሆነ። ግሩፑ ላይ "120" ብለህ ብትፈልግ ቮይስ ውስጥ ያለው ቁጥር አይወጣም። የዚያን ሳምንት ቮይስ አንድ በአንድ መስማት ነበረብን። አንዱን ደግሞ ያለ ኢርፎን ሲከፍቱት ከሥራው ጋር የማይገናኝ የሌላ ሰው የደሞዝ ቅሬታ ቢሮ ሙሉ ሰማው። የቮይስ ትልቁ ጣጣ ይኸው ነው። ሳትከፍተው ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም፣ በዓይንህ ገረፍ አድርገህ ቁጥሩን አታገኝም።

ሆኖም ጋሼን ሰነፍ የሚሉትን አልቀበልም። በስልክ አማርኛ መጻፍ ለእሳቸው ድካም ነው። ፊደሉን መንካት፣ ከዚያ ካዕብ ሣልሱን መምረጥ፣ መነጽር ማስተካከል፣ ተሳስቶ መሰረዝ ነው። ደግሞ "80ውን ሐዋሳ ላኪ" ብሎ በደረቁ መጻፍ ትእዛዝ ይመስላቸዋል። በድምፅ ሲሆን "እባክሽ የኔ ልጅ" ማለት ይችላሉ፤ ድምፃቸው ያለዝበዋል። ለእሳቸው ቮይስ ማክበሪያ ነው። ለልጅቷም አውራ ጣቷ ቀና ሐሳብ ነው፤ ሳይመልሱ ከመቅረት ይሻላል ብላ ነው።

ስለዚህ ቮይስ ይከልከል አልልም። ግን ከቮይሱ በታች አንድ መስመር ይጻፍ፦ "120 ካርቶን፣ ሐሙስ፣ 80ው ሐዋሳ"። በቃ፣ ቁጥር፣ ቀንና ቦታ። ተቀባዩም ቁጥሩን ደግሞ ይመልስ፦ "እሺ ጋሼ፣ 120 አስጭናለሁ"። ያኔ የቀረ ነገር ካለ መኪናው ሳይነሳ ይታያል። 👍 ለስብሰባ ማስታወቂያ ይሁን፣ ገንዘብና ዕቃ ለሚንቀሳቀስበት ነገር አይሁን። የሐዘን መልእክት ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሁን። "የባልደረባችን አባት አርፈዋል" በሚል መልእክት ሥር አምስት አውራ ጣት ተደርድሮ ማየት ያማል፤ "አይቻለሁ" ለማለት እንደሆነ ባውቅም።

ያንገበገበኝ ግን የመጨረሻው ነው። የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ሲሞላ ልጅቷ "ለበላይ አክብሮት" በሚለው መስፈርት ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጣት። ምክንያቱ "የኃላፊን መመሪያ በምልክት መመለስ" ይላል። ጋሼ ራሳቸው ይህን ሲሰሙ ደንግጠዋል። እሳቸው አልከሰሷትም፣ እናቷንም እስከ ዛሬ ይጠይቋታል። የጭነቱ ስህተት በሥራው መስፈርት ይመዘን፣ አልቃወምም። ጸባይዋ ግን በአንድ ምልክት ሊፈረድበት አይገባም። ከምልክት ጋር የተያያዘ አንድም የጽሑፍ ደንብ ቢሯችን ውስጥ የለም። ሊጣስ የሚችል ደንብ በሌለበት ያ ነጥብ ይሰረዝላት።