ሳይገባችሁ «ገባኝ» አትበሉ

ስትሮክ መትቶት ንግግር የጠፋበት ሰው ያለበት ቤት ስትገቡ ቶሎ የሚሰማው የሱ ድምፅ ሳይሆን የቤተሰቡ «ገባኝ፣ ገባኝ» ነው። ገና አፉን ሲከፍት ሁሉም ይገምትለታል፣ አንዱ ውሃ ያመጣል፣ አንዷ ትራሱን ታስተካክላለች፣ ሌላው «በቃ አይድከሙ» ይላል። ሁሉም በፍቅር ነው የሚያደርገው፣ ግን ሰውዬው ሊል የፈለገው ሳይባል ይቀርና ቀስ በቀስ መሞከሩን ይተዋል። እኔ ካዛንቺስ፣ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ አካባቢ ቤት ለቤት ፊዚዮቴራፒ እሰራለሁ፣ እና የምለው ነገር አንድ ነው፣ የተባለውን መልሶ ሳያረጋግጡ ገባኝ ማለት መቆም አለበት። ከሆስፒታል ሲወጣ የመድኃኒት ማዘዣ ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ እቤት እንዴት እንደምትግባቡ ግን ብዙ ጊዜ ማንም አይነግራችሁም፣ ስፒች ቴራፒስት ደግሞ እንደልብ የሚገኝ አይደለም።

የማወራው ስለ አፌዥያ ነው፣ የአንጎል ጉዳት ስለሚያመጣው የቋንቋ ችግር። አብዛኛው ሰው ላይ ቋንቋን የሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ግራ ክፍል ስለሆነ እዛ ጋር ጉዳት ሲደርስ የቀኝ እጅና እግር መድከምና የንግግር መጥፋት ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ሀሳቡ አለ፣ ሰውን ያውቃል፣ ቃሉ ግን አይመጣለትም ወይ ሌላ ቃል ይመጣበታል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የሚባለውን መረዳትም አብሮ ይጎዳል። ጆሮው ደህና ነው፣ ስለዚህ አትጩሁበት። እሱ እዛው ቁጭ ብሎ ሚስቱን «ምን እያሉ ነው?» ብሎ መጠየቅም በጣም ያማል፣ እሱን ጠይቁት።

ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባው ሰላምታ ላይ ነው። «እንዴት አደሩ?» ስትሉት «እግዚአብሔር ይመስገን» ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ከአንድ እስከ አስር ይቆጥራል፣ አባታችን ሆይን አብሮ ይላል፣ ከዛ «ውሃ» በሉ ሲባል አይችልም። «ሲፈልግ ይናገራል እኮ» የሚባለው ያኔ ነው። እንደዛ አይደለም። እድሜ ልክ የተደጋገመ አባባል በራሱ ተከታትሎ ይወጣል፣ አዲስ አረፍተ ነገር መገጣጠም ግን ሌላ ስራ ነው፣ የተጎዳውም እሱ ነው። ስለዚህ «ይመስገን» ካለ በኋላ ትከሻው እያመመው ሊሆን ይችላል፣ ለብቻው ጠይቁ።

አዎ እና አይደለም ላይም መተማመን አያስፈልግም። አፌዥያ ያለበት ሰው አዎ ሊል ፈልጎ አይ ሊል ይችላል። እኛ ሀገር ደግሞ አዎን ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ወይ ቅንድብ አንስተን ነው የምንለው፣ ፊቱ በአንድ በኩል የደከመ ሰው ላይ ይሄ በቀላሉ ያመልጣል። አንድ ምልክት ተስማሙ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ አዎ፣ ወደ ታች አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ እሱኑ ይጠቀም። ከዛ መልሱን በምታውቁት ነገር ሞክሩት፣ «ቤታችን ፒያሳ ነው?»፣ ትንሽ ቆይታችሁ «ቤታችን ጅማ ነው?»። ሁለቱንም አዎ ካለ አዎ ብቻውን ለመድኃኒትና ለገንዘብ ጉዳይ አይበቃም ማለት ነው። «አልበሉም እንዴ?» የሚለውን አይነት ጥያቄ ደግሞ ጨርሶ ተዉት፣ አዎ ቢል በላሁ ይሁን አልበላሁም ጤነኛ ሰውም ላይ አይለይም። «በልተዋል?» በሉ።

አንድ ቀን ፒያሳ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ጋሼ (ስማቸውን አልጠቅስም) ጠዋት «ውሃ፣ ውሃ» እያሉ ይጨነቃሉ፣ ልጃቸው በብርጭቆ ታመጣለች፣ ይገፉታል፣ ሞቅ ያለ ታመጣለች፣ ይገፉታል፣ እሷም ልታለቅስ ደረሰች። ቲቪው ተዘጋ፣ አንድ ሰው ብቻ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለ፣ ከሰፊው ተጀመረ። «የሰውነትዎ ነገር ነው?» አውራ ጣት ወደ ታች። «የቤቱ ነገር ነው?» እዚህ ላይ ዝም አሉ። እዚህ ጋር ነው ሁሉም የሚያጠፋው፣ ሁለት ሶስት ሰከንድ ጠብቆ ሌላ ጥያቄ ይደርባል፣ እሳቸው የመጀመሪያውን መልስ ፈልገው ሳያገኙ ሁለተኛው ሲመጣ ሁለቱም ይጠፋል። በልባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ አስር ቁጠሩ። ቆይተው አውራ ጣታቸውን አነሱ፣ በግራ እጃቸው በሩን አሳዩ። «ውጪ ያለ ነገር ነው?» አዎ። «ሮቶው?» አዎ፣ በጣም አዎ። ለካ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ መጥቶ ቧንቧው ሲንኳኳ ሰምተዋል፣ ሮቶው ሳይሞላ እንዳይሄድ ነው ያ ሁሉ ጭንቀት። እዚህም ላይ አላለቀም፣ ተመልሶ ተጠየቀ፣ «ውሃ መጥቷል፣ ሮቶው ይሞላ እያሉ ነው?» አዎ። ከዛ ተገልብጦ፣ «ሮቶው ይዘጋ እያሉ ነው?» ጣታቸው ወደ ታች። ሁለቱ መልስ ሲገጥም ነው ገባኝ የሚባለው።

የስዕል ሰሌዳ ቢኖር ይሄ ያጥራል፣ ሰሌዳ ስል ውድ ነገር አይደለም፣ አንድ ኤፎር ወረቀት ነው። በስልካችሁ የሱን ኩባያ፣ የሱን አልጋ፣ የናንተን ሽንት ቤት፣ የቤቱን ሰዎች ፎቶ አንሱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ በከለር አሳትሙና ላሚኔት አስደርጉት። ስድስት ፎቶ ይበቃል ለመጀመሪያ፣ በሁለት መስመር ሶስት ሶስት፣ ከስር ቃሉ በትልቁ ይጻፍ። ሰላሳ ምስል የደረደረ ቤት አይቻለሁ፣ ሰውዬው አይኑ የቱ ላይ ይረፍ? ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ምስል ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገባም። ከስድስቱ አንዱ «ያመኛል» ይሁን፣ አንዱ ደግሞ የግድ «እዚህ የሌለ ነገር» ይሁን፣ እሱ ከሌለ ሰውዬው ከፊቱ ካሉት አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል እናንተም የተሳሳተውን ይዛችሁ ትሮጣላችሁ። ምስሉም ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፣ የጊዮርጊስን ፎቶ ያሳየ ሰው ቤተክርስቲያን ልሂድ ይበል ወይ ጨዋታው ስንት ለስንት ወጣ ይበል መጠየቅ አለበት።

ሰሌዳውን የት ታስቀምጡታላችሁ የሚለው ቀላል አይምሰላችሁ። የግራ አንጎል ጉዳት አንዳንዴ ከቀኝ በኩል ያለውን እይታ ይወስዳል፣ ስለዚህ ሁሌ በስተቀኝ ያለውን ምስል የሚዘል ከሆነ ሰሌዳውን ወደ ግራው አስጠጉለት። ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፣ የሚሰራው እጅ የሚደርስበት ይሁን። «ውሃን አሳየኝ» እያላችሁ እንደ ተማሪ አትፈትኑት፣ እናንተ ራሳችሁ ስታወሩ ጠቁሙበት፣ «እኔ ቡና ልጠጣ ነው» ብላችሁ ቡናው ላይ። ፎቶው ጨርሶ ትርጉም የማይሰጠው ሰው አለ፣ ለሱ ወረቀቱን ትታችሁ እቃውን ራሱን፣ ኩባያውንና ጋቢውን፣ ሁለቱን ይዛችሁ አሳዩት።

የማይገኝበት ጊዜም አለ፣ ግማሽ ሰአት ተሞክሮ ሁለታችሁም ደክማችሁ። ያኔ «አልገባኝም፣ ግን ትልቅ ነገር እንደሆነ አይቻለሁ፣ ከምሳ በኋላ እንመለስበታለን» በሉት፣ እስካሁን የደረሳችሁበትን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ የቤቱ ነገር ነው፣ ውጪ ነው፣ ሰው አይደለም ብላችሁ፣ እና ከምሳ በኋላ ከዛው ቀጥሉ።