«ጠበቅ ካላደረግሁት አይይዝልሽም»

ፀጉሬን መስከረም ላይ አሳጥሬ ተቆረጥኩ። ሪላክሰር ለዓመታት ሲበላው ኖሮ ሳስቶብኝ ነበር። ስቆረጥ ማንም ምንም አላለኝም። ማሳደግ ስጀምር ግን ሁሉም አዋቂ ሆነ።

«አላደገም እኮ» የምትሉኝ፣ አድጓል! ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። የእኔ ደግሞ ከርዳዳ ስለሆነ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ጥር ላይ አንዷን ዘለላ ስቤ በማስመሪያ ስለካት 5 ሴንቲ ሜትር ሆነች። ስለቃት ተመልሳ 2 እንኳ አልሞላችም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ቀላል ነበሩ። ጠዋት ውኃ ነስነስ፣ ቅባት ነካ፣ ከዚያ በስፖንጅ ክብ ክብ እያደረጉ ማሸት። ትንንሽ ጥቅልል ይወጣዋል፣ ያምራል። ጉዱ የመጣው ከታኅሣሥ በኋላ ነው። የአናቴ ገና ምኑም ሳይሆን የማጅራቴ አንገቴ ላይ ደረሰ። የጎኑ ከጆሮዬ በላይ ተነፋ። መፍትሔው በየአምስት ሳምንቱ ማጅራቱን ብቻ ማስነካት ነው፤ አናቱ እስኪደርስበት። ይህን ለማስረዳት ስንት ጊዜ ደከምኩ! አንዱ ፀጉር ቤት «እሺ፣ እሺ» ብሎኝ ማሽኑን ከጆሮዬ በላይ አወጣው። የሁለት ወር ፀጉሬ ወለል ላይ ቀረ።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ጥር ላይ የደረሰብኝ ነው። የእህቴ ሠርግ ደርሶ በዊግ ልሠራ ሄድኩ። ሠሪዋን «ፀጉሬ አጭር ነው፣ እባክሽ ላላ አድርጊው» አልኳት። «ጠበቅ ካላደረግሁት አይይዝልሽም፣ ቻይው የኔ እናት» አለችኝ። ቻልኩት። ማታ ቅንድቤን ማንሳት አቃተኝ። በማግስቱ ግንባሬ ዳር፣ የፀጉሩ ሥር ላይ፣ ነጫጭ ብጉር ወጣ። እሱ ሲታይ በዚያው ቀን መፍታት ነው፤ ሥሩ ከአቅሙ በላይ እየተሳበ ነው ማለት ነው። እኔ ለሠርጉ ብዬ አሥር ቀን ተሸከምኩት። ስፈታው የጆሮ ግንዴ አካባቢ ፀጉር ከዊጉ ጋር ተነቅሎ መጣ። እንዲህ ያለው መጎተት ከተደጋገመ ደግሞ ቦታው ጭራሽ ላያበቅል ይችላል።

እህቶቼ፣ በዚህ ርዝመት ዊግ አያስፈልግም። አሁን በራሴ ፀጉር በየጎኑ ሦስት ቀጫጭን ሹሩባ አላልቼ እሠራና ከጆሮዬ ኋላ በፀጉር መያዣ አስራለሁ። የተነፋው ጎን ይተኛል። አናቱን ማታ እርጥቡን ስምንት ቦታ እጠመዝዘውና በሻሽ ሸፍኜ አድራለሁ። ጠዋት በደንብ መድረቁን በጣቴ ሳላረጋግጥ አልፈታውም፤ እርጥብ ከተፈታ ወዲያው ይንጨባረራል።

ሠሪዎች ሆይ፣ «ላላ አድርጊው» ስንላችሁ አላሉልን። ሹሩባው በሳምንቱ ቢፈታ እኔ ተመልሼ እከፍላለሁ። የጆሮ ግንዴ ፀጉር ግን ይኸው መጋቢት ገብቶም ገና 1 ሴንቲ ሜትር ነው።